ቤቱ ለማን? መሬቱ ለማን? የእናት ጌጥስ? የማይመሳሰል ውርስን በወንድምና በእህት መካከል ስለ መከፋፈል

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ንግግር በመጽሔቱ ገጽ ላይ የምታነቡ ቤተሰቦችም! የዛሬው ርዕሳችን ሚራስ ነው። ነገር ግን ለማን ስንት ይደርሳል የሚለውን ልናስተምር አልተነሳንም። እርሱን አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ን-ኒሳእ 11ኛ፣ 12ኛና 176ኛ አንቀጾች ራሱ ቆርጦ አስቀምጦታል። ወንድም ሁለት፣ እህት አንድ እንደሚደርሳቸው የማያውቅ ሙስሊም ቤት ጥቂት ነው። ያልተቆረጠው፣ ለእኛ ለሰዎች የተተወው ሌላ ነገር ነው። ሟች የተወው አንድ ጆንያ ጤፍ ቢሆን ሰፍሮ መክፈል ቀላል ነበር። የተወው ግን አንድ ቤት፣ አንድ ቁራጭ መሬትና አንድ ሳጥን ጌጥ ከሆነ፣ «አንድ ስድስተኛ» የሚባለው ድርሻ የትኛው ግድግዳ ነው? የትኛው አምባር ነው? በወንድምና በእህት መካከል ኩርፊያ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። አላህ በወሰነው ክፍልፋይ ላይ የሚጣላ የለም፤ ጥሉ ያለው በዕቃው ላይ ነው።

ነገሩን ወደ አንድ አካባቢ እናምጣው። በደቡብ ጎንደር፣ በታች ጋይንት ወረዳ የምትገኘውን አርብ ገበያን እናስብ። (ስሟ እንደሚናገረው የገበያዋ ቀን ጁሙዓ ነው፤ ለሙስሊም ነጋዴ ሚዛኑን ማስቀመጫ ሰዓት ማወቅን ትጠይቃለች።) እርሷን በመሰሉ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበያዎች አያቶቻችን በንግድና በሸማ ሥራ ነበር የሚኖሩት። በዚያ ዘመን በደጋው የርስት ሥርዓት ሙስሊም የርስት ባለቤት እንዲሆን አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ አንድ ሙስሊም አባት ሲሞት ለልጆቹ የሚተወው ቤት፣ የንግድ ዕቃ፣ በቅሎና የሴቶቹን የብር ጌጥ ነበር። መሬት ወደ ሙስሊሙ ቤት የገባው ከየካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ ነው። ይህን ያነሳነው ለታሪክ ብቻ አይደለም። የድሮ ሽማግሌዎቻችን ቤትና ጌጥ ሲያካፍሉ ኖረዋል፤ ልማዱም አላቸው። መሬቱ ግን ከሁለትና ከሦስት ትውልድ ያላለፈ አዲስ ውርስ ነው፤ ሕጉም ከቤትና ከጌጥ ሕግ የተለየ ነው። ብዙ ሰው ሦስቱን በአንድ ገመድ አስሮ ሊጎትት ሲሞክር ገመዱ የሚበጠሰው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምሳሌ እንያዝ። ስምም ቤትም የሌለው፣ ለማስረዳት ብቻ ያሰናዳነው ምሳሌ ነው። አባት ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞቷል፤ ምንም ሳይከፋፈል ቀርቷል። አሁን ደግሞ እናት ወደ አኼራ ሄደች። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ቀርተዋል። የሟቾቹ ወላጆች ቀድመው ሞተዋል፤ ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ ወራሽ የለም። በመሠረቱ እዚህ ላይ ሁለት ውርስ አለ፤ የአባት አንድ፣ የእናት አንድ። እናት ከአባት ውርስ የምታገኘው አንድ ስምንተኛ ነበር። ያም ድርሻዋ ዛሬ በእርሷ ሞት ተመልሶ ወደነዚሁ አራት ልጆች፣ በዚያው በሁለት ለአንድ ሒሳብ ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ ለስድስት ማካፈል ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ወንድ ሁለት እጅ፣ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ እጅ። ይህ የሚሠራው ግን ወራሾቹ በትክክል አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። እናት ከሌላ ባል የወለደችው ልጅ ቢኖር፣ ወይም እናቷ በሕይወት ብትኖር፣ ሁለቱ ውርሶች ተለያይተው መሠራት አለባቸው። ያን ጊዜ ሒሳቡን ለሚያውቅ ዐሊም ስጡት።

ከማካፈል በፊት የሚካፈለው ምን እንደሆነ መለየት ይቀድማል። የቀብር ወጪ ይነሳል፤ ዕዳ ይከፈላል፤ ኑዛዜ ካለ ከሲሶ ሳያልፍና ለወራሽ ሳይሆን ይፈጸማል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚረሳው ሌላ ነው። የእናት ጌጥ የአባት ሀብት አይደለም። በመህር ያገኘችው፣ ወይም ከራሷ ንግድ የገዛችው የራሷ ነው። እናት በሕይወት እያለች አባት ቢሞት ጌጧ ወደ ውርስ ሳጥን አይገባም። በምሳሌያችን የገባው እርሷም ስለሞተች ነው።

ሁለተኛው የሚረሳው የወንድም ቆርቆሮ ነው። ከወላጆቹ ጋር የኖረው ልጅ በራሱ ገንዘብ የቤቱን ክዳን ከሣር ወደ ቆርቆሮ ለውጧል እንበል። ገንዘቡን ያወጣው ለወላጆቹ በበጎነት ከሆነ ስጦታ ነው፤ ምንዳውን ከአላህ ያገኛል፤ ከወንድምና እህቶቹ አይቆርጥም። «ኋላ ትከፍለኛለህ» ተባብለው ከነበረና ምስክር ካለው ወይም ሌሎቹ ካመኑለት ግን ዕዳ ነው፤ ከሁሉ በፊት ይከፈለዋል። ሁለቱን መለየት ያለብን ዕቃው ከመገመቱ በፊት ነው። ከተገመተ በኋላ የሚነሳ የቆርቆሮ ጥያቄ የተጠናቀቀውን ሒሳብ ሁሉ ያፈርሳል።

ሦስተኛው በእህቶች ላይ የሚነሳው ነው። «አንቺ መህርሽን ወስደሻል» ይባላሉ። መህር የባል ገንዘብ ነው፤ ከአባት ቤት የወጣ አንድ ሳንቲም የለበትም፤ ከድርሻዋ አይቀነስም። «ስትዳሪ ላም ተሰጥቶሻል» የሚለውም አያስኬድም። ወላጅ በጤናው ሰጥቶ ያስረከበው ስጦታ የተቀባዩ ሆኗል። ወላጅ በሕይወት ሳለ በልጆቹ መካከል ማበላለጥ እንደሌለበት ከኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ.) አባት ታሪክ እናውቃለን፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለአንዱ ልጅ ብቻ በተሰጠ ስጦታ ላይ ምስክር ለመሆን እምቢ ብለዋል። ያ ግን የወላጁ ሒሳብ ነው። ልጆቹ በፈቃዳቸው ካልተስማሙ በቀር ላሚቱ ከሚራስ ላይ አትታሰብም።

አሁን ወደ ክፍፍሉ እንምጣ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና አቡ ዳውድ የመዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። ሁለት ሰዎች ስለ አሮጌ ውርስ እየተካሰሱ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ፤ አንዳቸውም ማስረጃ አልነበራቸውም። ነቢዩ እርሳቸው ሰው መሆናቸውን፣ በሰሙት እንደሚፈርዱ፣ በአንደበቱ ብልጠት የወንድሙን ሐቅ የወሰደ ሰው የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን ነገሯቸው። ሁለቱም አለቀሱ፤ እያንዳንዱ «ድርሻዬ ለወንድሜ ይሁን» አለ። ልብ በሉ! እኛ ብንሆን እዚህ ላይ «ማሻአላህ፣ ታረቁ» ብለን ወደየቤታችን እንሄድ ነበር። ነቢዩ ግን በዚያ አላበቁም። ሄደው እንዲካፈሉ፣ በክፍፍሉ እውነተኛውን እንዲፈልጉ፣ ከዚያ ዕጣ እንዲጣጣሉ፣ በመጨረሻም አንዱ ሌላውን ሐላል እንዲል አዘዟቸው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ መጀመሪያ ተጠንቅቆ ማመጣጠን፣ ከዚያ ዕጣ፣ ይቅር መባባሉ መጨረሻ ላይ ነው። በእኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ ተገልብጦ ይሠራል። ይቅር በሉ ይባላል በመጀመሪያ፤ ማመጣጠኑ ሳይመጣ ይቀራል።

ማመጣጠን ማለት እያንዳንዱን ዕቃ በገንዘብ መገመት ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ግምት ያለበትን ክፍፍል አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሠራው፣ ሁለት የሚታመኑ ሰዎች እንዲሆኑበት ይላሉ፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ይህ ግልጽ ነው። ገማቾቹ ወራሾች መሆን የለባቸውም። ለቤቱ ግንበኛና በከተማው ቤት ሲሸጥ ሲገዛ የሚያይ ሰው፤ ለጌጡ አንጥረኛና ወርቅ ነጋዴ ይሁኑ። ክፍያቸው ካለ ከሁሉም በየድርሻው ይወጣል። ሁሉም ዕቃ በአንድ ሰሞን ይገመት። ቤቱ ዘንድሮ፣ ጌጡ ከሁለት ዓመት በኋላ ከተገመተ ወርቁ በዚያ መሐል የትና የት ይደርሳል፤ ቀድሞ የወሰደው ተጠቃሚ፣ የዘገየው ተጎጂ ይሆናል።

ስለ ጌጥ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ወርቅ በመልኩ አይገመትም፤ በሚዛንና በካራት ነው። 20 ግራም የሚመዝን ባለ 18 ካራት አምባር በውስጡ ያለው ንጹሕ ወርቅ 15 ግራም ነው። ያው 20 ግራም ባለ 21 ካራት ከሆነ 17.5 ግራም አለው። ሁለት እህቶች ሁለት የሚመሳሰሉ አምባሮች ተካፍለው «እኩል ነን» ቢሉ አንዷ የያዘችው ንጹሕ ወርቅ ከሌላዋ በ2.5 ግራም ያንሳል። የብር ጌጥ ደግሞ በአካባቢያችን ብዙው ከጠገራ ብር፣ ማለትም ከማርያ ቴሬዛ ታለር፣ ቀልጦ የተሠራ ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶ 83 እጅ ያህሉ ብር፣ የቀረው ሌላ ማዕድን ነው። አንጥረኛ ሲያቀልጠው የሚጨምረውም ስለሚኖር የእያንዳንዱን ጌጥ ጥራት እርሱው ይንገራችሁ። ያረጀ ድሪ ወይም አልቦ አንዳንዴ ከሚዛኑ በላይ በእጅ ሥራው ይፈለጋል። ስለዚህ ከማካፈል በፊት «እንደ ብር ነው ወይስ እንደ ጌጥ የምንገምተው?» የሚለውን ተስማሙበት።

ግምቱ ተጠናቀቀ እንበል። ቁጥሮቹ ለሒሳብ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትያዟቸው። የከተማው ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ የመኖሪያው ቤት ከነግቢው 290,000 ብር፣ ለብቻው በር ያለው የመንገድ ዳር ሱቅ 250,000 ብር። ጌጡ በሙሉ 130,000 ብር። ለመቆረጥ የደረሰው ባህር ዛፍ 50,000 ብር። ዕዳውና ወጪው ከተከፈለ በኋላ የቀረው ጠቅላላ 720,000 ብር ነው። ለስድስት ሲካፈል አንዱ እጅ 120,000 ይመጣል። ለእያንዳንዱ ወንድም 240,000፣ ለእያንዳንዷ እህት 120,000 ማለት ነው።

ሊቃውንቱ የሚያስተምሩት ቀዳሚው መንገድ ሁሉን በትንሹ ድርሻ ልክ መቆራረጥ ነው። እዚህ ስድስት እኩል ቁራጭ ይሠራል፤ እህት አንድ፣ ወንድም ሁለት የተያያዙ ቁራጮች በዕጣ ይወስዳሉ። ለእህልና ለሰፊ ቦታ ጥሩ ነው። ቤት ላይ ግን አይሠራም፤ የመኖሪያ ቤቱን በ120,000 በ120,000 ብር ብትቆርጡት የሚቀራችሁ ቤት አይደለም፤ ፍርስራሽ ነው። ስለዚህ ዕቃው እንዳለ ይቀመጥና ልዩነቱ በገንዘብ ይሞላ።

በምሳሌያችን አራት ወረቀት ይጻፋል። አንደኛው «የመኖሪያ ቤት፤ 50,000 ብር ያወጣል» ይላል። ሁለተኛው «ሱቅ፤ 10,000 ብር ያወጣል»። ሦስተኛው «ጌጥ፤ 10,000 ብር ያወጣል»። አራተኛው «ባህር ዛፍ፤ 70,000 ብር ይቀበላል»። ደምሩት፤ ከሦስቱ የሚወጣው 70,000 ለአራተኛው የሚገባው 70,000 ነው። 290,000 ያገኘው 50,000 አውጥቶ 240,000 ይቀረዋል። ሱቁን የያዘው እንዲሁ 240,000። ጌጡን ያገኘችው 10,000 አውጥታ 120,000፣ ባህር ዛፉን ያገኘችው 50,000 ላይ 70,000 ጨምራ 120,000። አንድ ብር የጎደለበት የለም። ዋናው ብልሃት ገንዘቡ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት በወረቀቱ ላይ መጻፉ ነው። ማን እንደሚከፍል ማን እንደሚቀበል ገና አይታወቅም፤ ስለዚህ ቤቱን ማስወደድም ማርከስም ለማንም አይጠቅምም። ዕጣው የሚወጣው ድርሻቸው እኩል በሆኑት መካከል ነው፤ ወንዶቹ ሁለቱን፣ ሴቶቹ ሁለቱን።

እዚህ ላይ አንድ እህት «ለምን ቤቱ ለወንድ፣ ጌጡ ለሴት ሆነ?» ብላ ብትጠይቅ ጥያቄዋ ትክክል ነው። ይህን ያዘዘ የቁርኣን አንቀጽ የለም። እንዲያውም በዚያው ሱራ 7ኛው አንቀጽ ወንዶችም ሴቶችም ሟች ከተወው ሁሉ፣ ጥቂትም ይሁን ብዙ፣ ድርሻ እንዳላቸው ይናገራል። በምሳሌያችን እንዲያ የሆነው ቤቱና ሱቁ ለወንዶቹ ድርሻ ስለቀረቡ ብቻ ነው። ለእህቷ ሱቁ ቢያስፈልጋትና ከድርሻዋ በላይ የሆነውን 130,000 ብር ማውጣት ብትችል፣ ወረቀቶቹ እንደገና ይደለደላሉ። ወንድም ስለሆነ ብቻ የአባቱን ደጃፍ የሚቀድም የለም። አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ የእናት ቀለበት፣ ሁሉም የሚሻማበት ከሆነ ደግሞ በመካከላችሁ ጨረታ አድርጉት። ብዙ የሰጠ ይወስደዋል፤ የሰጠውም ዋጋ ከድርሻው ይታሰብበታል።

ስለሚወጣው ገንዘብ ሁለት ነገር ጠብቁ። ጌጡን ያገኘችው እህት የምታወጣው 10,000 ብር እዚያው፣ በዚያው መጅሊስ፣ ከእጅ ወደ እጅ መሰጠት አለበት። ገንዘብ በተከፈለበት መጠን ነገሩ ሽያጭ ሆኗል፤ ወርቅና ብር ደግሞ በገንዘብ ሲለወጡ ማቆየት ወደ ሪባ ያስገባል። በዛሬው የወረቀት ገንዘብ ላይም አብዛኞቹ ዑለማእ ይህንኑ ይፈርዳሉ። የቤቱ 50,000 ግን በስምምነት ሊቆይ ይችላል። ያለ ወለድ፣ የመክፈያው ቀን ተቆርጦ፣ በጽሑፍና በምስክር ይሁን። በሱረቱ-ል-በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ የታዘዘው ለባዕድ ብቻ አይደለም፤ ወንድምም ተበዳሪ ነው። ቀኑ ሲደርስ መክፈል ካልቻለ ምን እንደሚሆን፣ ለምሳሌ ቤቱ ተሽጦ እንደሚከፈል፣ ቀድሞ ይጻፍ። ያለዚህ ከቤት የወጣችው እህት ለዓመታት ለማኝ ትሆናለች፤ ገንዘቡም እስኪከፈላት ዋጋው ይቀልልባታል።

ይህ በገንዘብ የሚሞላ ክፍፍል የሁሉንም ፈቃድ ይጠይቃል፤ በሻፊዒዮች ዘንድ ማንም አይገደድበትም። አንዱ እምቢ ካለ ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ለስድስት ማካፈል አለ። አከራይቶ ኪራዩን በየድርሻው መከፋፈል አለ፤ ወይም በተራ መኖር። ሊከፈል የማይችል ዕቃ ይሸጥ ያለውን ወራሽ ቃዲ ሌሎቹን ሊያስገድድለት ይችላል ወይ በሚለው መዝሀቦቹ ይለያያሉ፤ ያን ለቃዲው እንተወው። ደግሞም አንዱ ወራሽ በተስማማበት ገንዘብ ድርሻውን ወስዶ ከክፍፍሉ መውጣት ይችላል። ሊቃውንቱ ተኻሩጅ ይሉታል። ሶሐባው ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ሲሞቱ ከአራቱ ሚስቶቻቸው አንዷ ከስምንተኛው ሩብ ድርሻዋን በገንዘብ ተስማምታ ወጥታለች፤ የፊቅህ መጻሕፍት ለዚህ መንገድ የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ግን የምትወጣዋ እህት ድርሻዋ ስንት እንደሚያወጣ ቀድማ ትወቅ። ግምቱ ሳይነገራት በ30,000 ብር «ተስማምታ» የወጣች፣ ስምምነቷ የጨለማ ስምምነት ነው።

መሬቱን እስካሁን ያላነሳነው በምክንያት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። አባት የነበረው የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ ቤቱና ጌጡ በተጻፈበት ወረቀት ላይ «መሬት፤ ይህን ያህል ብር» ብላችሁ አትጻፉ፤ የመሬት ሽያጭ ይመስላል፤ በፍርድ ቤትም ሊፈርስ ይችላል። መጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን አውጥታችሁ እዩት። በአማራ ክልል ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ይመዘገባል። አባት ሲሞት ወደ ውርስ የሚሄደው የአባት እጅ ነው፤ የእናት ግማሽ የእርሷው ነበር። እናታቸው በሕይወት ያለች ልጆች ይህን ካላዩ እናትን ከራሷ መሬት ያስነሳሉ፤ ከዚህ የባሰ ዐመፅ የለም።

ባለመብቱን ማን ይተካል የሚለውን የክልሉ የመሬት ሕግ በራሱ ቅደም ተከተል ይወስናል፤ ከተወሰነ መጠን በታች ማሳ መሸንሸንም አይፈቅድም። የመሬት ሕጉ የተለዋወጠ ነው፤ የ1998ቱ የክልሉ አዋጅ በ2009 ዓ.ም ተተክቷል፤ የፌዴራሉም በ2016 ዓ.ም እንደገና ወጥቷል። ስለዚህ «ጎረቤቴ እንዲህ ተደርጎለታል» ሳይሆን የወረዳችሁን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ማሳው ለአራት ቢሸነሸን በሬ የማይዞርበት ከሆነ፣ ሳይከፈል በጋራ ስም ይያዝና አንዱ ይረስ፤ ምርቱ ግን የአራሹ ድካምና ዘር ከተነሳለት በኋላ ለሌሎቹም ይድረስ። ለምርቱ አከፋፈል ስምምነት ጻፉ፤ በየዓመቱ በመኸር ተቆጥሮ ይሰጥ። አግብታ ሌላ ወረዳ የሄደች እህት ስሟ ከደብተሩ የሚጠፋው ማንም ክፉ ስላሰበ ላይሆን ይችላል፤ በማስመዝገቢያው ቀን ስላልተገኘች ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ንገሯት። ባህር ዛፉን ከመሬቱ ለይተን የገመትነውም ለዚሁ ነው፤ ተክሉ ሀብት ነው፤ ይሸጣል። ያገኘችው እህት እስከ መቼ ቆርጣ እንደምትጨርስና ከተቆረጠ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ለማን እንደሆነ ይጻፍላት።

ወደ «ይቅርታው» እንመለስ። ብዙ እህቶች ገና ምንም ሳይቆጠር፣ በሽማግሌ ፊት፣ «ለወንድሞቼ ትቼላቸዋለሁ» ይላሉ። ምክንያቱን ስትጠይቋቸው «ነገ ባሌ ቢፈታኝ የምገባበት ደጅ እንዳይዘጋብኝ» ይሏችኋል። ይህ ስጦታ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። በሐፍረትና በፍርሃት የተገኘ ገንዘብ ለወሰደው ሐላል እንደማይሆን ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። መለያው ቀላል ነው። ድርሻዋን ቆጥራችሁ፣ ገምታችሁ፣ በእጇ ስጧት፤ ባህር ዛፉንም 70,000ውንም ትረከብ። ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ማንም ሳይጠይቃት «እንኩ» ካለች ያ ስጦታ ነው፤ ተቀበሉ፤ ዱዓም አድርጉላት። ካላለች መልሱን አግኝታችኋል። ከወራሾቹ አንዱ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ የቲም ከሆነ ደግሞ ይቅር የሚል አንደበት ጨርሶ የለውም፤ ሞግዚቱም ከድርሻው አንድ ብር የመተው ሥልጣን የለውም።

የተስማማችሁበት ሁሉ በየወራሹ ቁጥር ልክ ተጽፎ፣ ሁሉም ፈርመው፣ ከቤተሰቡ ውጭ የሆኑ ምስክሮች ይፈርሙበት። የእያንዳንዱ ዕቃ ግምትና የግምቱ ቀን፣ የሚወጣው ገንዘብና የመክፈያው ቀን በውስጡ ይኑር። የከተማው ቤት በማዘጋጃ ቤት በአዲሱ ባለቤት ስም ይዛወር። ስምምነት ጠፍቶ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የተከራካሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ በዚያ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለወንድም ለሴትም ልጅ እኩል ያካፍላል። ስለዚህ አራቱም በሸሪዓ ለመዳኘት የሚስማሙ መሆናቸውን ገማቾቹ ከመጠራታቸው በፊት ጠይቁ፤ መልሳቸውንም ያው ወረቀት ላይ በመጀመሪያው መስመር አስፍሩት።

ወላሁ አዕለም።